ኪንታሮት ወይስ የአንጀት ካንሰር?

የኪንታሮት ደም አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ ቀይ ሆኖ ከሰገራ በኋላ ይታያል። ከፊንጢጣ አጠገብ የሚገኝ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ስለሚያደማ ግን በደሙ ቀለም ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ለምሳሌ አንድ የ55 ዓመት የዳባት ነዋሪ ኪንታሮት ቢገኝባቸውም፣ የሰገራ ልማዳቸው ለሳምንታት ከተለወጠ፣ ከተጸዳዱ በኋላ ማማጥ ካልተዋቸው፣ ከከሱ ወይም የደም ማነስ ከታየባቸው፣ መድማቱ የኪንታሮት ብቻ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በዳባት ወይም በደባርቅ ሐኪም ከታዩ በኋላ፣ በሪፈር ጎንደር ሄደው በኮሎኖስኮፒ አንጀታቸውን መመርመር ይኖርባቸዋል።

ካንሰሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፣ ወደ ካንሰር ለመለወጥ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፖሊፕ ከ50 ዓመት በኋላ ይበዛል፤ ሕመምም አያስከትልም። ምልክት ሳይታይ የሚደረግ ምርመራ ፖሊፑ ካንሰር ከመሆኑ በፊት እንዲወገድ ያስችላል።