አንድ መልዕክት፣ አራት መድረኮች፦ የአማርኛ ማስታወቂያን ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክ፣ ለኤክስ እና ለኢንስታግራም ማስተካከል

አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በበርካታ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ማሰራጨት ለብዙ ተቋማት የዘወትር ሥራ ሆኗል። የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የዕድር ማኅበራት እና በውጭ አገር ያሉ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት ማስታወቂያቸውን ይህን በመሰለ መንገድ ያደርሳሉ። ነገር ግን አንዱ ጋር ሙሉ ሆኖ የሚታየው ጽሑፍ ሌላው ጋር ቀኑ ተቆርጦ፣ ሊንኩ የማይከፈት ሆኖ ወይም ሃሽታጉ ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል። በተለይ በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ መልዕክቶች በላቲን ፊደል የሚጻፉት የማያጋጥሟቸው ችግሮች አሉባቸው።

ለማሳያ ያህል የአንድን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የኩፍኝ ክትባት ማስታወቂያ እንውሰድ። የማስታወቂያው ሙሉ ቃል 1,300 ሆሄ ገደማ ነው። ስለ በሽታው ማብራሪያ፣ የክትባቱን ቀናት፣ የሚመለከታቸውን ሕፃናት ዕድሜ፣ ቦታውን እና የጤና ባለሙያዎችን ምክር ይዟል። ጽሕፈት ቤቱ ይህንን በድረ ገጹ ካወጣ በኋላ በአራት መድረኮች ሊያሰራጨው ይፈልጋል። አንዲት እናት ማስታወቂያውን ያየችው በየትኛውም መድረክ ቢሆን፣ ልጇን መቼ እና የት እንደምትወስድ ሊንክ ሳትከፍት ማወቅ ይኖርባታል።

ርዝመት፦ የአማርኛ ሆሄ በኤክስ እጥፍ ይቆጠራል

በቀድሞ ስሙ ትዊተር ይባል የነበረው ኤክስ፣ ክፍያ ለማይፈጽሙ ተጠቃሚዎች የሚፈቅደው የመልዕክት ርዝመት 280 ነው። ይህ ገደብ እአአ በ2017 ከ140 ወደ 280 ከፍ ሲል ጭማሪው ለሁሉም ቋንቋዎች እኩል አልነበረም። ኩባንያው ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ እና ኮሪያኛ በጥቂት ምልክት ብዙ ሐሳብ ይይዛሉ በሚል የነርሱን ገደብ አልጨመረም። ይህን ለማስፈጸም በወጣው የአቆጣጠር ሥርዓት እንደ አንድ የሚቆጠሩት ፊደላት ተዘርዝረው፣ ከዝርዝሩ የወጡት በሙሉ እንደ ሁለት እንዲቆጠሩ ተደረገ። የግዕዝ ፊደል ከዝርዝሩ ውጭ ነው።

በዚህ ምክንያት በአማርኛም ሆነ በትግርኛ የሚጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ይቆጠራል። አራት ነጥብም እንዲሁ። ክፍት ቦታ እና እንደ 1፣ 2፣ 3 ያሉ ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው። በላቲን ፊደል የሚጻፉት ሶማሊኛ፣ አፋን ኦሮሞ እና ስዋሂሊ፣ እንዲሁም ዐረብኛ ሆሄያቸው አንድ አንድ ይቆጠራል። ስለሆነም አንድን ማስታወቂያ በሶማሊኛ እና በአማርኛ የሚያወጣ ተቋም፣ የሶማሊኛውን ርዝመት መለኪያ አድርጎ አማርኛውን ቢያዘጋጅ አይሆንለትም።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ለኤክስ የሚያዘጋጀው መልዕክት ይህን ሊመስል ይችላል፦

የኩፍኝ ክትባት ከሰኞ ጥቅምት 10 እስከ ዓርብ ጥቅምት 14 ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ9 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ወደ ቀበሌው ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ክትባቱ በነጻ ነው። https://example.org/kitbat #ክትባት

ይህ መልዕክት አንድ በአንድ ሲቆጠር 143 ምልክቶች አሉት። በኤክስ አቆጣጠር ግን 80ዎቹ የግዕዝ ሆሄያት እና ሦስቱ አራት ነጥቦች 166 ይሆናሉ። ክፍት ቦታዎች፣ ቁጥሮች እና የሃሽታጉ ምልክት 34 ይጨምራሉ። ማንኛውም ሊንክ በኤክስ ላይ ርዝመቱ ምንም ይሁን 23 ስለሚቆጠር፣ ድምሩ 223 ይመጣል። የቀረው 57 ሲሆን ከ28 በላይ የአማርኛ ሆሄ አይጨመርበትም።

በቴሌግራም ያለው ችግር ሌላ ነው። የጽሑፍ መልዕክት እስከ 4,096 ሆሄ ይፈቀዳል፤ አማርኛውም አንድ አንድ ይቆጠራል። ነገር ግን ጽሑፉ ከፎቶ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ፣ ለማይከፍል ተጠቃሚ ገደቡ ወደ 1,024 ይወርዳል። ባለ 1,300 ሆሄው ማስታወቂያ ከፎቶ ሥር አይገባም ማለት ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፎቶውን ብቻውን፣ ጽሑፉን ደግሞ ቀጥሎ ይልካሉ። ጉዳቱ የሚታየው መልዕክቱ ወደ ሌሎች ሰዎች ሲተላለፍ ነው፤ ተቀባዮች አንዱን ብቻ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ ፎቶው ያለ ቀኑ፣ ጽሑፉም ያለ ፎቶው ይዞራል። የሚሻለው ጽሑፉን ከ1,024 በታች ማሳጠር ነው። ካልሆነም ፎቶውን ትቶ ሙሉውን ጽሑፍ ከነሊንኩ መላክ ይቻላል፤ የድረ ገጹ ምስል በሊንኩ ቅድመ ዕይታ ላይ ይታያል።

ፌስቡክ ከ60 ሺህ በላይ ሆሄ ስለሚፈቅድ ሙሉው ማስታወቂያ ይገባል። ሆኖም አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ጥቂት መስመሮችን ነው፤ የተቀረው የሚከፈተው “ተጨማሪ ይመልከቱ” የሚለውን ሲጫን ነው። ኢንስታግራምም እስከ 2,200 ሆሄ ቢፈቅድም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በኋላ ይቆርጣል። የአማርኛ ይፋዊ ማስታወቂያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት “የክልሉ ጤና ቢሮ ከባለድርሻ አካላት ጋር በመተባበር…” በሚል ረዥም ሐረግ ነው። የሚታየውን ቦታ የተቋማት ስም ከያዘው ቀኑ እና ቦታው ከመቁረጫው በታች ይቀራሉ። ለኤክስ የተዘጋጀው አጭር መልዕክት በሁለቱም መድረኮች የመጀመሪያ አንቀጽ ቢሆን ይህ ይቀረፋል። ዝርዝሩ እና የተቋማቱ ስም ከሥር ሊከተሉ ይችላሉ።

ሃሽታግ፦ ቅጥያ እና ሞክሼ ሆሄያት

ሃሽታግ በአንድ ቃል ዙሪያ የተጻፉ መልዕክቶችን በአንድ ቦታ የሚሰበስብ ምልክት ነው። አማርኛ ግን ቃላትን ከፊትም ከኋላም እየቀጠለ የሚሄድ ቋንቋ በመሆኑ፣ ሃሽታግን በዐረፍተ ነገር መካከል ማስገባት ያስቸግራል። “በ#ክትባት ዘመቻው” ተብሎ ሲጻፍ ከምልክቱ በፊት ሆሄ ስላለ ኤክስ እንደ ሃሽታግ አይቆጥረውም። “#ክትባቱን” ሲባል ደግሞ ሃሽታጉ ይሠራል፤ ነገር ግን #ክትባት ከሚለው የተለየ ስብስብ ይፈጥራል፤ ያንን የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። ስለዚህ ሃሽታጎችን ያለ ቅጥያ በመልዕክቱ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይመረጣል። መሥራታቸውን ማወቅ ቀላል ነው፦ የሚሠራ ሃሽታግ ከተለጠፈ በኋላ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሲጫኑትም ይከፈታል።

ሁለተኛው ችግር ሞክሼ ሆሄያት ናቸው። “ሕፃናት” የሚለው ቃል በሕ፣ በህ ወይም በኅ፣ ቀጥሎም በፃ ወይም በጻ ሊጻፍ ይችላል። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ስድስት የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው። በአንጻሩ “ክትባት”፣ “ኩፍኝ” እና “ጤና” ሞክሼ ሆሄ ስለሌላቸው አጻጻፋቸው አይለያይም። ምርጫ ካለ እንዲህ ዓይነቶቹን መውሰድ ይበጃል። ከአንድ በላይ ቃል ያለው ከሆነም ክፍት ቦታ ሃሽታጉን ስለሚያቋርጠው #የኩፍኝ_ክትባት ተብሎ በሰረዝ መያያዝ አለበት።

የሃሽታግ ጥቅምም እንደ መድረኩ ይለያያል። በኤክስ እና በኢንስታግራም መልዕክቱን ለማያውቁት ሰዎች የማድረሻ መንገድ ነው። በቴሌግራም ቻናል ውስጥ ግን ይበልጥ የሚያገለግለው እንደ ማውጫ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ በእያንዳንዱ የክትባት ማስታወቂያ ላይ #ክትባት የሚለውን ቢያኖር፣ ተከታዩ ቃሉን ሲጫን የቀደሙትን ሁሉ ያገኛል። አንድ ወይም ሁለት ቋሚ ቃላት ለዚህ ይበቃሉ።

ሊንክ፦ የት ይከፈታል፣ የት አይከፈትም?

በኢንስታግራም የፎቶ መግለጫ ውስጥ የተጻፈ ሊንክ ተጭነው ሊከፍቱት አይችሉም፤ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። የሚከፈተው በፕሮፋይል ገጹ ላይ ሲቀመጥ ወይም በ“ስቶሪ” ላይ ሲለጠፍ ነው። ስለዚህ ቀኑ፣ ቦታው እና ዕድሜው በፎቶው ላይ ጭምር መጻፍ አለባቸው። “ሊንኩን በፕሮፋይላችን ላይ ያገኛሉ” የሚለው ዐረፍተ ነገር ለኢንስታግራም ብቻ የሚሆን ነው። ሁለቱም የሜታ ንብረት በመሆናቸው ኢንስታግራም ላይ የወጣውን በአንድ ጊዜ ፌስቡክ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ሲደረግ ግን ዐረፍተ ነገሩ አብሮ ይሄድና የፌስቡክ አንባቢን በሌለ ሊንክ ያደናግራል።

በኤክስ ላይ ሊንክ ይከፈታል፤ ሆኖም ባለቤቱ ኢላን መስክ እአአ በ2024 መጨረሻ ላይ፣ ጸሐፊዎች ሐሳባቸውን በዋናው መልዕክት ገልጸው ሊንኩን ከሥሩ በምላሽ መልክ እንዲያስቀምጡ መክረዋል። ይህም ሊንክ ብቻ የያዘ መልዕክት ለጥቂት ሰው ሊደርስ እንደሚችል የሚጠቁም ነው።

የድረ ገጹ አድራሻ በአማርኛ ከሆነ ሲገለበጥ እጅግ ሊረዝም ይችላል። “ክ” የሚለው አንድ ሆሄ `%E1%8A%AD` ወደሚል ባለ ዘጠኝ ምልክት ጽሑፍ ስለሚለወጥ፣ “ክትባት” ብቻውን 36 ይሆናል። በኤክስ 23 ስለሚቆጠር ግድ የለውም፤ በቴሌግራም እና በፌስቡክ ግን አንባቢን ያስበረግጋል። አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል መሰየም መፍትሔ ነው። ከሊንኩ በኋላም አራት ነጥብ ሳይለጠፍበት ክፍት ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ ነጥቡን የአድራሻው አካል አድርጎ የሚወስድ መተግበሪያ ካለ ገጹ አይከፈትም።

አንባቢዎች ከየትኛው መድረክ እንደመጡ ለማወቅ በየሊንኩ መጨረሻ ምልክት ማከል ይቻላል፦

```
https://example.org/kitbat?utm_source=telegram
```

ይህ ምልክት ከሌለ ከቴሌግራም መተግበሪያ የሚመጣው አንባቢ ብዙውን ጊዜ አድራሻውን ራሱ ጽፎ እንደገባ ሆኖ ይመዘገባል።

ቀኑ ቢለወጥስ?

ክትባቱ በሳምንት ቢራዘም፣ የተሳሳተውን ቀን በአራቱም መድረኮች ማረም ግድ ይላል። የቴሌግራም ቻናል መልዕክት ሊታረም ይችላል፤ አስቀድሞ ወደ ሌሎች የተላለፈው ቅጂ ግን አብሮ አይታረምም። ፌስቡክ ጽሑፍን ማረም ይፈቅዳል። ኢንስታግራም መግለጫውን እንጂ ፎቶውን መለወጥ አይፈቅድም፤ ቀኑ ፎቶው ላይ ከተጻፈ መልዕክቱ ተነሥቶ እንደገና መውጣት አለበት። በኤክስ ማረም የሚችሉት የሚከፍሉ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ እነርሱም ለአንድ ሰዓት ብቻ።

የድረ ገጹ ርዕስ ቢታረምም መድረኮቹ ያስቀመጡት የሊንክ ቅድመ ዕይታ የቀድሞውን ቀን ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። ለፌስቡክ Sharing Debugger በተባለው ገጽ፣ ለቴሌግራም ደግሞ @WebpageBot ለተባለው ቦት ሊንኩን በመላክ ቅድመ ዕይታው እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል። የቀድሞው ማስታወቂያ በሰዎች ስልክ መዞሩ ስለማይቀር ግን ማረሙ ብቻውን አይበቃም። “የቀን ለውጥ” በሚል የሚጀምር፣ አሮጌውንም አዲሱንም ቀን የያዘ የተለየ መልዕክት በአራቱም መድረኮች ሲወጣ፣ የቀድሞው የደረሳት እናት ልዩነቱን ታያለች።