ፊት ለፊት ሳይገናኙ የተቀራረቡት ሰባት ሰዎች

ስብሰባ ላይ አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ዝም ነው አይደል? ይህን ለማስቀረት ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ዳልኪና ሄልመር በ1951 እ.ኤ.አ. ሰባት ባለሙያዎችን ለየብቻ ጠየቁ፦ ሶቪየት ኅብረት የአሜሪካን የጦር መሣሪያ ምርት በተወሰነ መጠን ለመቀነስ ስንት አቶሚክ ቦምብ ያስፈልጋታል?

የመጀመሪያው ግምት ከ50 እስከ 5,000 ነበር! ከዚያ በየሳምንቱ ገደማ አዲስ መጠይቅ ይላካል፤ ማን እንዳለው ሳይነገር የባልደረቦቻቸውን ሐሳብ ያነባሉ፣ ግምታቸውን ያስተካክላሉ። በአምስተኛው ዙር ከ167 እስከ 360 ደረሱ። የዴልፋይ ዘዴ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

ግን ተቀራረቡ ማለት ልክ ናቸው ማለት አይደለም። የትኛው መረጃ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚወስነው ጠያቂው ነው፤ ሳያውቀውም ወደ ራሱ ሐሳብ ሊገፋቸው ይችላል። ስለዚህ «ባለሙያዎች ተስማሙ» ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ መጠይቁን ማን አዘጋጀው? ነው።