የምግብ ዘይት በእሳት ሲያያዝ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምን ማድረግ ይገባል?

በምድጃ ላይ ያለ የምግብ ዘይት በእሳት ሲያያዝ አራት ነገሮችን ማስታወስ ያስፈልጋል። እነዚህም ውኃ አለማፍሰስ፣ መጥበሻውን ካለበት ቦታ አለማንቀሳቀስ፣ እጅን ለነበልባል ሳያጋልጡ የሚቻል ከሆነ ምድጃውን ማጥፋት እና መጥበሻውን በደረቅ የብረት ክዳን መክደን ናቸው። እሳቱ ከመጥበሻው ውጪ ከተዛመተ ግን ለማጥፋት መሞከር ቀርቶ ቤቱን ለቆ መውጣት ይገባል። የእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያትና አፈጻጸም ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ዘይት እንዴት ይቀጣጠላል?

ሳምቡሳ፣ ብስኩት ወይም ድንች የሚጠበስበት ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል። ምድጃው ሳይቀነስ ከቆየ የዘይቱ ሙቀት ማሻቀቡን ይቀጥላል፤ ከ200 ዲግሪ ካለፈ በኋላም እንደ ዘይቱ ዓይነት መጨስ ይጀምራል። ጭሱ መጀመሪያ ስስ ሲሆን ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል፤ አይንና ጉሮሮንም ያቃጥላል። ሙቀቱ ወደ 350 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዘይቱ ክብሪትም ሆነ የእሳት ብልጭታ ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት ምንም ዓይነት ነበልባል በሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ያለ ዘይትም በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ደግሞ ከአዲስ ዘይት ባነሰ ሙቀት ይጨሳል፣ ይቀጣጠላልም።

ዘይቱ መጨስ ከጀመረና ነበልባል ገና ካልታየ ምድጃውን ማጥፋት፣ መጥበሻውን መክደንና እስኪቀዘቅዝ ባለበት መተው በቂ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋ በኋላም ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሙቀት መስጠቱን ስለሚቀጥል፣ ማጥፋቱ ብቻውን አደጋውን ወዲያውኑ አያስቀረውም። ስለዚህ ክዳኑ ሊዘለል አይገባም።

ውኃ እሳቱን ለምን ያባብሳል?

ውኃ የእንጨት ወይም የከሰል እሳትን የሚያጠፋው የሚነደውን ነገር በማቀዝቀዝ ነው። በሚነድ ዘይት ላይ ሲፈስ ግን ይህ አይሆንም። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ በዘይቱ ላይ አይንሳፈፍም፤ ነበልባሉን አልፎ ወደ መጥበሻው ግርጌ ይሰምጣል። በዚያም ከራሱ መፍያ ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ በሞቀ ዘይት ይከበባል። ውኃ በ100 ዲግሪ፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ በዘይቱ ውስጥ ከመቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ወደ 1,700 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ግማሽ ብርጭቆ ወይም 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢፈስ ወደ 170 ሊትር እንፋሎት ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስምንት በላይ የሚሞላ ነው። ይህን ያህል እንፋሎት ከዘይቱ ግርጌ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ በላዩ ያለውን ዘይት ወደ ላይና ወደ ጎን ይረጨዋል። በመጥበሻው ውስጥ ሳለ በላይኛው ገጽ ብቻ ከአየር ጋር ይገናኝ የነበረው ዘይት፣ በጥቃቅን ጠብታዎች ሲበተን በሁሉም አቅጣጫ አየር ያገኛል። ጠብታዎቹ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፉ ሁሉም በአንድነት ይነዳሉ። በመጥበሻ ላይ የነበረው እሳትም በአንድ ሰከንድ ውስጥ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የእሳት ኳስ ይሆናል። ውኃውን ያፈሰሰው ሰው ከመጥበሻው አጠገብ ስለሚቆም በቅድሚያ የሚጎዳው እርሱ ነው።

የውኃው መጠን አነስተኛ መሆኑ አደጋውን አያስቀረውም። ውኃ የሚንጠባጠብበት ጨርቅ፣ ታጥቦ ያልደረቀ ክዳንና እርጥብ እጅ ሳይቀር ዘይቱን ሊያስፈነጥሩ ይችላሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. ሕፃናትንና ሌሎች ሰዎችን ከምድጃው ማራቅ። ይህ በቃል የሚደረግ እንጂ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። መጥበሻውን ግን ማንሳት አይገባም። የሚነድ መጥበሻ ይዞ የሚራመድ ሰው ነበልባሉ ወደ ፊቱና ወደ ክንዱ ይመለስበታል፤ እጁ ሲቃጠልም መጥበሻውን ይለቃል። ያን ጊዜ እሳቱ ከምድጃ ወደ ወለልና ወደ ልብስ ይሸጋገራል።

2. ምድጃውን ማጥፋት። ይህ የሚደረገው እጅ በነበልባሉ ላይ ማለፍ የማያስፈልገው ከሆነ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሶኬቱ ከእሳቱ ጀርባ ከሆነ ከቆጣሪው ላይ ኃይሉን ማቋረጥ ይቻላል። በቡታጋዝ ሲሊንደሩ ከእሳቱ ራቅ ያለ ከሆነ መዝጊያውን ማጥበቅ ይገባል። የከሰል ምድጃን በቅጽበት ማጥፋት ስለማይቻል በቀጥታ ወደ መክደኑ መሄድ ያስፈልጋል፤ በከሰሉ ላይም ውኃ መርጨት አይገባም። ምድጃውን ማጥፋት ካልተቻለ በዚህ ጊዜ ሳይባክን መጥበሻው መከደን አለበት።

3. መጥበሻውን መክደን። ተስማሚው መክደኛ ከመጥበሻው አፍ የሚሰፋ፣ ደረቅና ከብረት የተሠራ ክዳን፣ ትሪ ወይም ሌላ መጥበሻ ነው። መክደኛውን ከላይ መጣል ዘይቱን ይረጫል። ትክክለኛው አያያዝ ክዳኑን በሰውነትና በነበልባሉ መካከል እንደ ጋሻ ዘንበል አድርጎ መያዝ፣ በቅርብ ባለው የመጥበሻው ጠርዝ ላይ ማሳረፍና ወደ ፊት እያንሸራተቱ መዝጋት ነው። እንዲህ ሲደረግ ነበልባሉ ከሰውየው ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ ይገፋል።

4. ክዳኑን አለማንሳት። ነበልባሉ አየር ሲያጣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይከስማል፤ ዘይቱ ግን አሁንም በራሱ ለመቀጣጠል በሚያበቃ ሙቀት ላይ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ አየር ከገባ እሳቱ እንደገና ይነሳል። በክዳኑ ዙሪያ ጭስ መውጣቱ እሳቱ አልጠፋም ማለት አይደለም። መጥበሻው ሳይነካ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት ይኖርበታል፤ ከዚያም በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ ክዳኑ በማስጠጋት ሙቀት አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ምሳሌ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ

አንዲት የቤት እመቤት በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ጥዳ ሳለ መብራት ይጠፋል እንበል። ሶኬቱን ሳትነቅል ጎረቤት ዘንድ ትሄዳለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ይመለሳል፤ ምድጃውም በሙሉ ኃይሉ መሥራት ይጀምራል። ተመልሳ በሩን ስትከፍት ቤቱ ጭስ ሞልቶታል፤ ከመጥበሻውም አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ያለው ነበልባል ይታያል።

በቅርቧ የሚገኘው ነገር በባልዲ የተቀመጠ ውኃ ሊሆን ይችላል። ውኃውን ብታፈስ ከላይ እንደተገለጸው የሚነደው ዘይት በኩሽናው ሁሉ ይረጫል። በዚህ ፈንታ ቆጣሪው በመግቢያው በር አጠገብ ስለሆነ ኃይሉን ከዚያ ታቋርጣለች። የዳቦ መጋገሪያ ትሪ አንስታ እንደ ጋሻ በመያዝ ከቅርቡ ጠርዝ ወደ ፊት ታንሸራትታለች፤ ነበልባሉም ይከስማል። ከዚያ ትሪውን ሳታነሳ መስኮት ከፍታ ትወጣለች። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ነበልባሉ ጣሪያ ነክቶ ወይም መጋረጃው ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ግን ትክክለኛው እርምጃ በሩን ዘግቶ መውጣት ብቻ ይሆን ነበር።

መብራት ሲጠፋ በምድጃ ላይ ምግብ ካለ ሶኬቱን መንቀል ይህን አደጋ ከመነሻው ያስቀረዋል። ዘይት በሚጠበስበት ጊዜም ተስማሚውን ክዳን በእጅ በሚደረስበት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል፤ ዘይቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ክዳን መፈለግ ሰከንዶቹን ያባክናልና።

ለማጥፊያ የማይሆኑ ነገሮች

የፕላስቲክ ክዳን ይቀልጣል፤ ሰፌድና የመሶብ ክዳን ይቀጣጠላሉ። የብርጭቆ ክዳን በድንገተኛ ሙቀት ሊሰበር ስለሚችል የብረት ክዳን ሲኖር ተመራጭ አይደለም። ዱቄት በአየር ላይ ሲበተን ራሱ ይነዳል፤ ስለዚህ በዘይት እሳት ላይ መበተን የለበትም። በቤት ውስጥ ያለ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርም ቢሆን ለምግብ ዘይት እሳት የተዘጋጀ መሆኑ በላዩ ካልተገለጸ፣ በቅርብ ርቀት ሲረጭ ግፊቱ ዘይቱን ከመጥበሻው ሊያስወጣው ይችላል።

ለቆ መውጣት የሚገባው መቼ ነው?

መጥበሻው ሊከደን ካልቻለ፣ ነበልባሉ ጣሪያ፣ ቁም ሣጥን ወይም መጋረጃ ከነካ፣ ወይም ጭሱ መተንፈስን ከከለከለ ሁሉም ሰው መውጣት ይኖርበታል። ሲወጡ የኩሽናውን በር መዝጋት ለእሳቱ የሚደርሰውን አየር ይቀንሳል፤ መዛመቱንም ያዘገያል። ዕቃ ለማውጣት ተመልሶ መግባት አይገባም።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ በ939 ይቀርባል። ጥሪው ከቤት ውጪ ሆኖ የሚደረግ ሲሆን፣ ደዋዩ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የሕንፃውን ወይም የብሎኩን ቁጥር፣ በአካባቢው የታወቀ ምልክትና በውስጥ የቀረ ሰው መኖር አለመኖሩን መግለጽ ይኖርበታል። በሌሎች ከተሞች ለአካባቢው የእሳት አደጋ አገልግሎት ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በዘይት ለተቃጠለ ሰው የሚደረግ እርዳታ

ውኃ ለሚነደው ዘይት አደገኛ ቢሆንም ለተቃጠለ ቆዳ ግን ተገቢው የመጀመሪያ እርዳታ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ከእሳቱ ርቀው ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል። የቧንቧ ውኃ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ፣ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም፤ የሚቀቡት ነገሮች ሙቀቱን በቆዳው ውስጥ ያቆያሉ፣ ቁስሉንም ለመመርመር ያስቸግራሉ። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር መውለቅ አለባቸው፤ በቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን መላቀቅ የለበትም። ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ ከሆነ፣ ፊትን ወይም እጅን ከነካ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ቦታውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።