ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፦ ለቆየ የሆድ ድርቀት በየቀኑ የሚወሰደው ዱቄት

የሆድ ድርቀት ለወራት ወይም ለዓመታት ያስቸገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ያጋጥመዋል። አንደኛው ማታ ተውጦ ጠዋት የሚያስቀምጠው ክኒን ነው። ሁለተኛው በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ጣዕም የለሽ ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ወይም ማክሮጎል ይባላል። በአሜሪካ ሚራላክስ፣ በአውሮፓ ሞቪኮል በሚሉ የንግድ ስሞች ይታወቃል። ሁለቱም መድኃኒቶች ሰገራ ያስወጣሉ፤ የሚሠሩበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። ዱቄቱን እንደ ክኒኑ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነትና ዱቄቱን በትክክል የመውሰጃውን መንገድ ያስረዳል።

ዱቄቱ እንዴት ይሠራል?

ትልቁ አንጀት ከሚያልፍበት ሰገራ ውስጥ ውኃ ይመጥጣል። ሰገራው በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚመጠጠው ውኃ ይበዛል፤ ሰገራውም ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ እንደ ፍየል በጠጥም ይሆናል።

ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ውኃን አጥብቆ የሚይዝ ትልቅ ሞለኪውል ነው። አብሮት የተጠጣውን ውኃ ይዞ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርድና ሰገራው እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም አያብላሉትም። ስለዚህ ላክቱሎስ ከሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ጋር ሲነጻጸር ሆድን የመንፋትና ጋዝ የመፍጠር ባሕርዩ አነስተኛ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር አለ። ዱቄቱ አንጀትን አያስገድድም፤ የሚያለሰልሰው ሰገራውን ነው። ቀድሞ የደረቀው ሰገራ ወጥቶ አዲሱ ለስልሶ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይታያል። ትክክለኛውን ውጤት ለመገመት ግን አንድ ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንጀት ቀስቃሽ መድኃኒቶችስ?

ቢሳኮዲል እና ሴና የዚህ ቡድን ዋናዎቹ ናቸው። እነዚህ የትልቁን አንጀት ነርቮች ቀስቅሰው ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጋሉ፤ ወደ አንጀት የሚወጣውን ፈሳሽም ይጨምራሉ። የቢሳኮዲል ክኒን ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይሠራል። በፊንጢጣ የሚገባው ደግሞ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ቁርጠት የሚመጣው ከዚሁ መኮማተር ነው።

«ክኒኑ አንጀትን ያሰንፋል» ሲባል ሰምተው ይሆናል። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ የአንጀትን ነርቭ እንደሚያበላሽ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ክኒኑ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን የሚበቃውን ሰገራ በአንድ ጠዋት ያስወጣዋል። ባዶ የሆነው አንጀት እስኪሞላ ድረስ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሰገራ አለመምጣቱ የሚጠበቅ ነው። ታማሚው ግን «ድርቀቱ ተመለሰ» ብሎ እንደገና ክኒን ይውጣል። በዚህ መንገድ ሰውየው በራሱ የሚወጣ ሰገራ ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ከመጠን በላይ ሲወሰድ ደግሞ ተቅማጥ፣ የሰውነት ውኃ ማነስና የፖታሲየም መቀነስ ያስከትላል።

የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2023 ያወጡት የጋራ መመሪያ ይህን ልዩነት ያንጸባርቃል። ምክንያቱ ላልታወቀ የቆየ የሆድ ድርቀት ፖሊኢቲሊን ግላይኮልን አጥብቆ ይመክራል፤ ጥቅሙ ለ6 ወር እንደሚዘልቅም በጥናት ታይቷል። ቢሳኮዲልን ደግሞ ለአጭር ጊዜ፣ ማለትም እስከ 4 ሳምንት፣ ወይም አልፎ አልፎ ለችግር ጊዜ ይመክረዋል። ክኒኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ቦታው ሌላ ነው።

አንድ ምሳሌ

ለዓመታት የሆድ ድርቀት ያለባቸውን የ56 ዓመት እናት እናስብ። ሰኞ ማታ ሁለት የቢሳኮዲል ክኒን ይውጣሉ። ማክሰኞ ጠዋት ሆዳቸውን ቆርጧቸው ሦስት ጊዜ ቀጭን ሰገራ ይወጣቸዋል። ረቡዕና ሐሙስ ምንም የለም። ሐሙስ ማታ ተጨንቀው ሁለት ክኒን ይደግማሉ።

አሜሪካ ያለች ልጃቸው የዱቄቱን ጠርሙስ ትልክላቸዋለች። እሁድ ጠዋት አንድ ጊዜ ጠጡ። እስከ ማታ ምንም ስላላዩ የለመዱትን ክኒን ደረቡበት። ሰኞ ተቅማጥ ሲይዛቸው «ዱቄቱ አልተስማማኝም» ብለው አስቀመጡት። በእውነቱ ግን ያስቀመጣቸው ክኒኑ ነበር፤ ዱቄቱ ገና ሥራውን አልጀመረም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች ታዩ፣ የደም ምርመራም ተደረገ፤ ድርቀት የሚያመጣ ሌላ ምክንያት አልተገኘም። ከዚያ የተሰጣቸው ዕቅድ ይህ ነው፦ በየቀኑ ጠዋት 17 ግራም ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ፤ ክኒኑ የሚወሰደው ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሰገራ ካልመጣ ብቻ ሲሆን እሱም አንድ ፍሬ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ጥቂት ደረቅ ሰገራ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ለስላሳ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን ሰገራ መጣ። ይህ ማቆሚያ ምልክት አይደለም፤ መጠኑ እንደበዛ የሚናገር ነው። ወደ ግማሽ መጠን ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ያለ ቁርጠት ይወጣላቸው ጀመር።

እንዴት ይወሰዳል?

ለአዋቂ የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 17 ግራም ነው። በጠርሙሱ ክዳን ውስጥ ካለው መስመር እስኪደርስ የሚሞላው ዱቄት 17 ግራም ነው። ክዳኑ ከጠፋ አንድ የተከመረ የሾርባ ማንኪያ ተቀራራቢ ይሆናል። ከ120 እስከ 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ውኃ፣ ሻይ ወይም ጭማቂ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ያማስሉትና ይጠጡት። በከረጢት የሚመጡት ዓይነቶች መጠናቸው የተለየ ስለሆነ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ።

የሚወሰድበት ሰዓት ጠዋትም ማታም ሊሆን ይችላል፤ ዋናው በየቀኑ አለማቋረጥ ነው። ጾም የሚጾሙ ከሆነ በውኃ በጥብጠው ከፈቱ በኋላ ይጠጡት። ለሌሎች መድኃኒቶችዎ የ1 ሰዓት ልዩነት ይስጡ።

መጠኑን የሚወስንልዎ ሰገራው ራሱ ነው። ቀጭን ከሆነ ወደ ግማሽ ይቀንሱ ወይም በአንድ ቀን ልዩነት ይውሰዱ። ከአንድ ሳምንት በኋላም ደረቅ ከሆነ መጠኑን ስለመጨመር ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚፈለገው ሳያስምጥ የሚወጣ ለስላሳ ሰገራ ነው፤ የግድ በየቀኑ መሆን የለበትም።

«ከ7 ቀን በላይ አይውሰዱ» የሚለው ጽሑፍ

ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጠው የአሜሪካ ጠርሙስ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ብዙ ቤተሰብንም ያስፈራል። መልእክቱ ዱቄቱ በስምንተኛው ቀን ጉዳት ያደርሳል ማለት አይደለም። ከሳምንት በላይ መድኃኒት ያስፈለገው ድርቀት ምክንያቱ በሐኪም መታየት አለበት ማለት ነው። ሐኪም አይቶ ከፈቀደ ለወራት መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም። ሲያቆሙት ድርቀቱ ቢመለስ፣ የመጀመሪያው ችግር አሁንም አለ ማለት እንጂ ሰውነትዎ ዱቄቱን ለምዶ ነው ማለት አይደለም። ለጥቂት ወራት ከተስማማዎ በኋላ ቀስ እያሉ ቀንሰው መሞከር ይችላሉ።

ከባድ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለልጅ የሚሰጡ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይወስን። የመዋጥ ችግር ኖሮበት መጠጡ በስታርች ዱቄት የሚወፍርለት ሰው ካለ ደግሞ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ያንን ውፍረት ያቀጥነዋል፤ ትን ሊለውም ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ዱቄቱ ብቻውን የማይበቃው መቼ ነው?

ሰገራው ለስልሶም አልወጣ ካለ፣ ረጅም ጊዜ እያስማጡ ከተቀመጡ ወይም በጣት መርዳት ካስፈለገዎ ችግሩ ከሰገራው ድርቀት ላይሆን ይችላል። በፊንጢጣ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች መላላት ሲገባቸው እየተጨበጡ ይሆናል። ለዚህ የተለየ ምርመራና የጡንቻ ልምምድ አለ፤ ዱቄቱን መጨመር አይፈታውም።

በተለይ አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያንን የምታስታምሙ አንድ ነገር እወቁ። ለብዙ ቀናት ምንም ሰገራ ሳይመጣ ቆይቶ ድንገት ጥቂት ጥቂት ውኃ መሰል ሰገራ ልብስ ላይ ማምለጥ ከጀመረ ተቅማጥ ላይሆን ይችላል። የጠጠረ ሰገራ መውጫውን ዘግቶ ቀጭኑ በጎኑ ሲያልፍ እንዲህ ያደርጋል። ዱቄቱን ከማቆምም ከመጨመርም በፊት ሐኪም መርምሮ ይወስን።

ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ የደም ማነስ ከተገኘብዎ ወይም ዕድሜዎ ከ45 ካለፈ በኋላ የሰገራ ልማድዎ ድንገት ከተለወጠ፣ ድርቀቱን በዱቄት ከማከም በፊት ምክንያቱ መጣራት አለበት። ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ ትውከት ከተጨመረ ግን አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ዱቄቱንም ክኒኑንም ሳይወስዱ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱ። የአይረን ክኒን፣ ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች፣ አሚትሪፕቲሊን እና ቬራፓሚል የሚባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ድርቀት ያመጣሉ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻም ይያዙ፦ ሰገራ የወጣበትን ቀን፣ ደረቅ ወይም ለስላሳ መሆኑን፣ ዱቄቱን የወሰዱበትን መጠን፣ ክኒን ከደረቡ ደግሞ የደረቡበትን ቀን ይጻፉ። ሐኪሙ ዱቄቱ አልሠራም ወይስ ጊዜ አላገኘም የሚለውን የሚለየው ከዚህ ማስታወሻ ነው።