ሽቅብ የሚፈስ ኃይል፦ የአውስትራሊያ ጣሪያዎችና የሰፈሩ ትራንስፎርመር

የአውስትራሊያ የሰፈር ትራንስፎርመር የተተከለው ለቁልቁል ጉዞ ነበር። ከላይ ብዙ ሺህ ቮልት ይቀበልና ለቤቶች በሚሆን 240 ቮልት ያወርዳል። ሽቦው በረዘመና ጭነቱ በከበደ ቁጥር ቮልቴጁ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ መነሻውን ሆን ብለው ከፍ ያደርጉት ነበር፣ በክረምት ማታ ሁሉም ማሞቂያውን ሲያበራ የመጨረሻው ቤት እንዳይደክምበት። በ2000 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ መለኪያዋን ወደ 230 አወረደች፤ የተፈቀደው ከ216 እስከ 253 ቮልት ሆነ። ወረቀቱ ላይ ማለት ነው። ታፕ የሚባለውን የትራንስፎርመር ማስተካከያ ለመቀየር ሠራተኛ ሄዶ መብራት ማቋረጥ ስላለበት፣ ብዙው ባለበት ቀረ።

ከዚያ ለጣሪያ የፀሐይ ፓኔል የሚሰጠው ማበረታቻ መጣ። ደቡብ አውስትራሊያ በሐምሌ 2008 ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎዋት ሰዓት 44 ሳንቲም መክፈል ጀመረች። ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2010 ትርፉን ብቻ ሳይሆን የተመረተውን ሁሉ በ60 ሳንቲም ገዛች። ጣሪያው በፓኔል ተሸፈነ፤ ስለ ሽቦው ግን ያሰበ ጥቂት ነበር።

ችግሩ የሚታየው በሒሳብ ነው። ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር ርቀው አሥራ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ በሦስቱ ፌዝ ላይ አራት አራት ሆነው ተከፋፍለዋል። ፀሐይ በጠራበት ቀትር፣ ሰዉ ሥራ በሄደበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ፍጆታ የተረፈ 5 ኪሎዋት ወደ መስመሩ ይልካል። በአንድ ፌዝ 20 ኪሎዋት፣ ወይም ወደ 80 አምፔር ሽቅብ ይጓዛል ማለት ነው። የወፍራም አሉሚኒየም ሽቦ ተቃውሞ በዚህ ርቀት 0.1 ኦም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 8 ቮልት ይጨመራል። ከምሰሶ እስከ ቤት ያለው ቀጭን ሽቦ አንድ ቮልት ያህል ያክልበታል። ታፑ በ247 ላይ የቀረ ከሆነ መጨረሻው ቤት 256 ቮልት ደረሰ። ያውም ሦስቱ ፌዞች እኩል ተሸክመው ነው፤ ፓኔሉ በአንዱ ፌዝ ላይ ከተከማቸ ኒውትራሉም ያንኑ ከረንት ስለሚመልስ ጭማሪው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

በ2015 በወጣው የኢንቨርተር ደንብ መሠረት የተገጠመ ኢንቨርተር የ10 ደቂቃ አማካዩ ከ255 ቮልት ካለፈ ራሱን ያጠፋል። ሲጠፋ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይነሳል፣ ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው በስልኩ ላይ ባለው የምርት ሥዕል ነው፤ የጠዋቱ ኩርባ ሽቅብ ይወጣና ቀትር ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆራረጣል። ትራንስፎርመሩ ሥር ያለው ጎረቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ይሸጣል። እኔን የሚከነክነኝ ይኸኛው ነው፤ ሁለቱም እኩል ከፍለው ቅጣቱ በመስመሩ ጫፍ ላለው ብቻ ይደርሳል።

ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ግዴታ የሆነው አዲሱ ደንብ ኢንቨርተሩን ከመጥፋቱ በፊት ሥራ ሰጠው። ከ240 ቮልት ጀምሮ ሪአክቲቭ ኃይል እየሳበ ቮልቴጁን ወደ ታች ይጎትታል፤ ከ253 ሲያልፍ ደግሞ ምርቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዘዴ ግን በሰፈር ሽቦ ላይ አቅሙ ውስን ነው። ሪአክቲቭ ኃይል ቮልቴጅን የሚገፋው በሽቦው ሪአክታንስ በኩል ሲሆን፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ኬብል ላይ የሚገንነው ተራው ተቃውሞ ነው።

የጥበቃ መሣሪያዎቹ ችግር ለየት ይላል። ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሲነካካ ፊውዝ የሚቃጠለው ከረንቱ በብዙ እጥፍ ስለሚያሻቅብ ነው። ኢንቨርተር ግን ከመደበኛው ብዙም የማይበልጥ ከረንት ስለሚሰጥ ፊውዙን አያነቃውም። ስለዚህ ዋናው መስመር ሲቋረጥ ራሱ አውቆ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ እንዲላቀቅ ይገደዳል፤ አለዚያ ሽቦው የሞተ መስሎት የሚወጣው ሠራተኛ ሕያው ሽቦ ይጨብጣል።

የከፋው ከፍ ብሎ ያለው ነው። የአገር ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ ሪሌዮች ሙሉ ሰፈሮችን ቆርጠው ጭነት ያራግፋሉ። ቀትር ላይ ግን ሰፈሩ ጭነት ሳይሆን አመንጪ ነው፤ ሲቆረጥ እጥረቱ ይብሳል። በደቡብ አውስትራሊያ ሪሌዮቹ ኃይሉ ወዴት እንደሚፈስ እየተመለከቱ፣ ሽቅብ የሚልከውን መስመር እንዲተዉ እየተደረገ ነው።

በዚያው ክፍለ ሀገር የቮልቴጁ መናር ራሱ መሣሪያ ሆነ። በመጋቢት 14 ቀን 2021 ፍላጎቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ፣ ኦፕሬተሮቹ ሰብስቴሽኖች ላይ ቮልቴጁን ሆን ብለው ከፍ አድርገው ከጣሪያ ፓኔሎች ከፊሉን አስጠፉ። በኅዳር 2022 ማዕበል ክፍለ ሀገሩን ከቀሪው አገር ሲነጥለውም ይኸው ዘዴ ተደገመ። አሁን በብዙ ቦታ አዲስ ፓኔል የሚያስገጥም ሰው ምርጫ ይቀርብለታል፤ ወይ ሁልጊዜ በ1.5 ኪሎዋት መገደብ፣ ወይ በኢንተርኔት በሚመጣ ትእዛዝ ወሰኑ እየተለዋወጠ እስከ 10 ኪሎዋት መላክ። ከዚህ ሁሉ በፊት የተገጠሙት ኢንቨርተሮች ግን ትእዛዝ አይቀበሉም፤ ሰሚነታቸው ለቮልቴጅ ብቻ ነው።