የወለል ሴራሚክ ብዛት ስሌት

የወለል ሴራሚክ ብዛት ስሌት ማለት አንድን ክፍል ለማንጠፍ ስንት ሴራሚክ መገዛት እንዳለበት ከሥራው በፊት የሚታወቅበት ዘዴ ነው። የተለመደው አሠራር የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር አስልቶ ለብክነት መቶኛ መጨመር ነው። ብክነቱ ግን በዋናነት የሚመጣው ከወለሉ መሃል ሳይሆን ከግድግዳ ሥር ከሚቆረጡት ሴራሚኮች ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ጠርዙ ላይ የሚወድቁትን ሴራሚኮች በመቁጠር ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንደ ምሳሌ የተወሰደው 4.00 ሜትር በ3.50 ሜትር የሆነ ክፍልና 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ነው።

== ልኬት ==

ግድግዳዎች ብዙ ጊዜ ፍጹም ቀጥ ያሉ አይደሉም። በመሆኑም እያንዳንዱ ጎን በሁለቱም ጫፍ ይለካና ትልቁ ቁጥር ይወሰዳል። ክፍሉ ጎባጣ መሆኑ የሚታወቀው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች በመለካት ነው። በምሳሌው ክፍል ሁለቱም 5.32 ሜትር አካባቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው በብዙ ከበለጠ በአንደኛው ግድግዳ ሥር የሚገባው ቁራጭ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየጠበበ ይሄዳል።

== በስፋት ብቻ ማስላት ==

የክፍሉ ስፋት 4.00 × 3.50 = 14 ካሬ ሜትር ነው። የአንዱ ሴራሚክ ስፋት 0.60 × 0.60 = 0.36 ካሬ ሜትር ነው። 14 ለ0.36 ሲካፈል 38.9 ይመጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 39 ሴራሚክ ይሆናል። ይህ ቁጥር የተቆረጠው ሁሉ ሌላ ቦታ ላይ የሚገባ ቢሆን ኖሮ የሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ነው። በተግባር 39 ሴራሚክ ብቻ የገዛ ሰው ሥራው ሳያልቅ ይጎድለዋል።

== ቀጥታ አነጣጠፍ ==

ሴራሚኩ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲነጠፍ ብዛቱ በመደዳ ይቆጠራል። ክፍሉ L በ W፣ የሴራሚኩ ጎን ደግሞ t ከሆነ ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

N = ⌈L/t⌉ × ⌈W/t⌉

⌈ ⌉ ምልክቱ ወደ ላይ ማጠጋጋትን ያመለክታል። በምሳሌው 400 ለ60 ሲካፈል 6.67 ስለሚሆን 7 ይያዛል፤ 350 ለ60 ሲካፈል 5.83 ስለሚሆን 6 ይያዛል። 7 × 6 = 42 ሴራሚክ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ ሙሉ ሲሆኑ 12ቱ የሚቆረጡ ናቸው። በሴራሚኮቹ መካከል የሚተወው 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት በዚህ ክፍል ቁጥሩን አይለውጠውም።

ከ42 ወደ 39 መውረድ የማይቻለው ትርፍራፊው ስለማይጠቅም ነው። ስድስት ሙሉ ሴራሚኮች 360 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናሉ፤ የቀረው 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንድ ሴራሚክ 40 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ይህም ሌላ 40 የሚፈልግ ቦታ ላይ አይገባም።

ቀሪው ክፍተት ከግማሽ ሴራሚክ ሲያንስ ግን አንዱ ሴራሚክ ለሁለት መደዳ ይበቃል። ክፍሉ 4.00 ሳይሆን 3.85 ሜትር ቢሆን ኖሮ የሚቀረው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለስድስቱ መደዳዎች የሚያስፈልጉት ስድስት ቁራጮች ከሦስት ሴራሚክ ይወጣሉ፤ ጠቅላላውም 36 + 3 = 39 ይሆናል። ቀመሩ ይህንን ስለማያይ 42 ይላል። ስለዚህ ቀመሩን ከተጠቀሙ በኋላ ቀሪው ክፍተት ከግማሽ በላይ ወይም በታች መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

== ሰያፍ አነጣጠፍ ==

በሰያፍ አነጣጠፍ ሴራሚኩ 45 ዲግሪ ዞሮ ማዕዘኑ ወደ ግድግዳው ይመለከታል። የ60 በ60 ሴራሚክ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት 60 × 1.414፣ ማለትም 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ አነጣጠፍ ከሁለት ግድግዳዎች በሙሉ ሴራሚክ መጀመር ስለሚቻል የሚቆረጠው በቀሩት ሁለት ግድግዳዎች ሥር ብቻ ነው። በሰያፍ ግን በአራቱም ግድግዳዎች ሥር መቁረጥ ግድ ነው።

በምሳሌው ክፍል ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ፣ በሁለት ግድግዳዎች ሥር ለሁለት እኩል የተከፈሉ ሦስት ማዕዘን ቁራጮች ተደርገው ሲቆጠር 28 ሙሉ ሴራሚክና 27 ቁራጭ ቦታ ይገኛል። የሚቆረጠው ቦታ በቀጥታ አነጣጠፍ ከነበረው 12 ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ለእነዚህ 27 ቦታዎች የሚያስፈልገው ሴራሚክ በትርፍራፊው አጠቃቀም ይወሰናል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ሴራሚክ ከወሰደ ጠቅላላው 55 ይደርሳል። በጥንቃቄ ከተሠራ ግን አንዱ ሴራሚክ ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፈላል፤ ከትልልቆቹ ቁራጮች የተረፉት ጫፎችም ትንንሾቹን ቦታዎች ይሞላሉ። አንድም ሳይሰበር ሁሉም ቢሳካ 41 ይበቃል።

ለሰያፍ ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው 15 በመቶ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይወድቃል፤ 38.9 × 1.15 ወደ 45 ይጠጋል። ይህም ትርፍራፊውን በደንብ ለሚጠቀም ባለሙያ አራት ሴራሚክ ለስብራት ይተውለታል። ሴራሚኩ አቅጣጫ ያለው ሥዕል ካለው፣ ለምሳሌ የእንጨት ወይም የእብነ በረድ መስመር የተሳለበት ከሆነ፣ ትርፍራፊውን አዙሮ ማስገባት መስመሩን ስለሚያበላሽ 15 በመቶ ላይበቃ ይችላል።

== ዞኮሎ እና ስብራት ==

ብዙ ጊዜ ከሒሳቡ የሚረሳው ከዚያው ሴራሚክ ተቆርጦ በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው ዞኮሎ ነው። የምሳሌው ክፍል ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ 90 ሳንቲ ሜትር የበር ቦታ ሲቀነስ 14.1 ሜትር ይቀራል። ዞኮሎው 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ከአንድ ሴራሚክ አምስት ቁራጭ ይወጣል፤ የመቁረጫው ዲስክ በየቁርጡ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ ስድስተኛው ቁራጭ ያጥራል። አምስቱ ቁራጮች 3 ሜትር ይሸፍናሉ። ስለዚህ ለዞኮሎ አምስት ሴራሚክ ይያዛል።

ለቀጥታ አነጣጠፍ 42 ለወለል፣ 2 ለስብራት፣ 5 ለዞኮሎ ሲደመር 49 ይሆናል። የ60 በ60 ሴራሚክ ብዙ ጊዜ አራት አራት ሆኖ በካርቶን ስለሚታሸግ 13 ካርቶን ይገዛል፤ ሦስት ሴራሚክም ይተርፋል። ለሰያፍ 45 ለወለልና ለስብራት፣ 5 ለዞኮሎ ሲደመር 50 ነው። ይህም በ13 ካርቶን ይሸፈናል፤ የሚቆረጠው ብዙ በመሆኑ ግን 14 መያዝ ይሻላል።

== ጎድሎ መግዛት የሚያስከትለው ችግር ==

አንድ ዓይነት ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ሲመረት በቀለሙ ጥቂት ሊደምቅ ወይም ሊፈዝዝ፣ በመጠኑም በሚሊ ሜትር ክፋይ ሊለያይ ይችላል። ለዚህም ፋብሪካዎች የምርት ዙሩን፣ የቀለሙን ደረጃና መጠኑን የሚገልጹ ቁጥሮች በካርቶኑ ላይ ያትማሉ። ጎድሎ በኋላ የተገዛው ካርቶን ቁጥሩ የተለየ ከሆነ ልዩነቱ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ጎልቶ ይታያል፤ የመጠን ልዩነት ካለም የመጋጠሚያው መስመር እየተዛነፈ ይሄዳል። ስለዚህ ከመረከብ በፊት የሁሉም ካርቶኖች ቁጥር አንድ መሆኑ ይታያል። ከሥራው የተረፉት ሙሉ ሴራሚኮችም ወደፊት ለሚሰነጠቀው ምትክ እንዲሆኑ ከነካርቶናቸው ይቀመጣሉ።