የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ሲመረጥ፦ በሲቪ ላይ የሰፈረው ቃል እንዴት ይመዘናል?

በካፋ ዞን ማንኪራ የሚኖር አንድ ቡና አምራች በቴሌብር የላከው ገንዘብ በስህተት ወደ ሌላ ሰው ስልክ ቢገባበት፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው በጥሪ ማዕከል ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ነው። አምራቹ ይቸኩላል፣ ይቆጣል፤ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በካፊኖኖ ሊጨርስ ይችላል። ሠራተኛው የሰማውን በትክክል ካልተረዳ ወይም የስልኩን ቁጥር አሳስቶ ከመዘገበ ገንዘቡን የማስመለሱ ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የቀረበን የሕይወት ታሪክና የሥራ ልምድ መግለጫ ወይም ሲቪ የሚያጣራ ኃላፊ ሦስት ነገሮችን ለይቶ መመርመር ይኖርበታል፦ የቋንቋ ችሎታን፣ የትየባ ፍጥነትንና አስቸጋሪ ደዋይን የማስተናገድ ልምድን።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር 8028 ለብዙ ጥያቄዎች ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ መልስ ይሰጣል። የተቀዳ ድምፅ ግን ደዋዩ ያልተጠበቀ ችግር ሲያነሳ ሊጠይቀው፣ ሲቆጣም ሊያረጋጋው አይችልም። የሰው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ምርጫውም ከዚህ ተግባር መነሣት አለበት።

ቋንቋ፦ «እጅግ በጣም ጥሩ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአብዛኞቹ ሲቪዎች ላይ ቋንቋዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ፊት ለፊታቸው «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ቃል ይሰፍራል። ይህ ቃል ብቻውን የሚነግረው ነገር የለም። መስማት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በቤቱ ካፊኖኖ እየተናገረ ያደገ ሰው በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ጽሑፍ ለማንበብ ሊቸገር ይችላል። በትምህርት ቤት የተማረው ደግሞ አንብቦ ይረዳና ፈጥነው የሚናገሩ አዛውንትን ለመከተል ይሳነዋል።

አጣሪው መፈለግ ያለበት ቋንቋው የት፣ ከማን ጋርና ለምን ሥራ እንደዋለ የሚያሳይ ቃል ነው። «በገበያ ቀን ለሚመጡ አርሶ አደሮች በካፊኖኖ የክፍያ ደረሰኝ አስረዳ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር «እጅግ በጣም ጥሩ» ይበልጣል። እንዲህ ያለ መረጃ ከሌለ አሥር ደቂቃ የማይሞላ የስልክ ንግግር ያጣራዋል፦ አንድ ተናጋሪ ችግሩን በቋንቋው ይነግረዋል፣ አመልካቹም የሰማውን መልሶ ይናገራል። ስም ወይም የትውልድ ቦታ ግን የቋንቋ ማስረጃ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ስለሚከለክል የሚመዘነው ችሎታው ብቻ ነው።

ትየባ፦ በየትኛው ፊደል?

«በደቂቃ 60 ቃል» የሚል ሲቪ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ በየትኛው ፊደል ነው የሚለው ነው። በዚህ ልኬት አንድ «ቃል» የሚባለው አምስት የቁልፍ ምት ነው። በድምፅ አጻጻፍ በሚሠሩ የግዕዝ ፊደል ኪቦርዶች «ስልክ» የሚለው ቃል ሦስት ምት ሲወስድ «ቡና» አራት ይወስዳል፤ ምክንያቱም ከሳድስ በስተቀር አብዛኞቹ ፊደላት ሁለት ምት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተለካ ፍጥነት ለአማርኛ ማረጋገጫ አይሆንም። ደዋዩ በካፊኖኖ የተናገረው በዚያው ቋንቋ የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ በላቲን ፊደል መተየብም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስህተቱ ተቀንሷል ወይ የሚለው ነው። አንድ አመልካች በአምስት ደቂቃ 1,100 ምት ቢመታ ለአምስት ተካፍሎ 220 ቃል፣ ማለትም በደቂቃ 44 ቃል ይሆናል። ሳይታረም የቀረ 15 ስህተት ካለው በየደቂቃው 3 ስለሚቀነስ የተጣራው ፍጥነቱ 41 ነው። ከፊቱ ያለን ጽሑፍ መገልበጥ ግን እየሰሙ ከመጻፍ ይቀላል። ለዚህ ሥራ የተሻለው ፈተና የሁለት ደቂቃ ቅሬታ አሰምቶ አሳጥሮ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። በዚያ ላይ ስም፣ የስልክ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ትክክል መሆናቸው ከፍጥነቱ በላይ ይታያል።

አስቸጋሪ ደዋይ፦ ማስረጃው በሥራ መደቡ ስም ውስጥ አይደለም

«ታጋሽ»፣ «ችግር ፈቺ» የሚሉ ቃላት ማንም ሊጽፋቸው የሚችል ናቸው። ማስረጃ የሚሆነው አመልካቹ ምን እንደገጠመው፣ ምን እንዳደረገና ነገሩ እንዴት እንደተጠናቀቀ የሚናገር ታሪክ ነው። በቦንጋና በአካባቢዋ በጥሪ ማዕከል የሠራ ሰው በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። በሆስፒታል የካርድ ክፍል፣ በባንክ መስኮት፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት የሸጠ ሰው ግን የተቆጣ ባለጉዳይ በየቀኑ ያስተናግዳል። የሥራ መደቡን ስም ብቻ የሚያይ አጣሪ እነዚህን ሰዎች ያለአግባብ ይጥላቸዋል።

በስልክ ሲጠየቅ በእርግጥ የሠራ ሰው ዝርዝር ያመጣል፦ ባለጉዳዩን እስኪጨርስ እንደሰማው፣ የተናገረውን መልሶ እንዳረጋገጠለት፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይቶ እንደነገረው፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ለማን እንዳስተላለፈ። ያልሠራው «ሁሌም ደንበኛን አስደስት ነበር» ብሎ ያልፋል። ሁሉንም አስደስቻለሁ የሚል መልስም ጥርጣሬ ያሳድራል፤ ሁሉም ቅሬታ በደስታ አይዘጋምና።

አንድ ምሳሌ

ለማስረዳት ያህል፣ በቦንጋ አማርኛና ካፊኖኖ ለሚጠይቅ አንድ የሥራ መደብ ሦስት ሲቪዎች ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው ዲግሪ፣ ሦስት ቋንቋ «እጅግ በጣም ጥሩ» እና በደቂቃ 70 ቃል ይላል። ሁለተኛዋ በሆስፒታል የካርድ ክፍል ሁለት ዓመት የሠራችና 35 ቃል የጻፈች ናት። ሦስተኛው በአዲስ አበባ የጥሪ ማዕከል አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ካፊኖኖ ግን አይችልም።

ወረቀቱ ብቻ ቢታይ የመጀመሪያው ይመረጣል። በስልክ ሲፈተን ግን በካፊኖኖ ከሰላምታ አላለፈም፤ የተጣራ ፍጥነቱም 41 ሆነ። ሁለተኛዋ 33 ቃል ተየበች፤ የተነገራትን የስልክ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ግን አላሳተችም። ካርዱ የጠፋበት የተቆጣ አባት እንዴት እንዳረጋጋች፣ ጉዳዩንም ለማን እንዳስተላለፈች በዝርዝር ተናገረች። ለዚህ መደብ ተገቢዋ እርሷ ናት። ሦስተኛው ለአማርኛ መስመር ብቻ ሠራተኛ ቢፈለግ ቀዳሚ ይሆን ነበር።

ሲቪ ማጣራት ሁሉን አይገልጥም፤ የድምፅ ቃናንና ከብዙ ጥሪ በኋላ የሚኖርን ትዕግሥት ወረቀት አያሳይም። ራሳቸውን ማወደስ የማይወዱ ሰዎችም ጥቂት ጽፈው ይቀራሉ። ስለዚህ ሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን የያዘ ቅጽ እንዲሞላ ማድረግ ጉድለቱን ይቀንሳል። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው የመዘገባቸውን ጥሪዎች በሲቪው ላይ ከጻፈው ጋር ማስተያየት ለቀጣዩ ምርጫ የትኛው ቃል እንደሚታመን ያሳያል።